የመምህር አስተያየት የተሰጠበትን ሪፖርት ማረም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌዎቹ በሙሉ የተወሰዱት ለማሳያ ከተዘጋጀ አንድ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሪፖርት ነው፦ በፔንዱለም የመሬት ስበት አክስለሬሽንን (g) መለካት።

ሪፖርቱ አስተያየት ተጽፎበት ሲመለስልኝ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ወዲያው ማረም አትጀምሩ። የተመለሰውን ፋይል እንዳለ አስቀምጡና በሌላ ስም ቅጂ አውጡለት፤ አንዱ «ሪፖርት 1 ከነአስተያየቱ»፣ ሌላው «ሪፖርት 2» ሊባል ይችላል። እርማቱ ሁሉ በሁለተኛው ላይ ይሠራል። የመጀመሪያው ሳይነካ የሚቀመጠው በኋላ የለውጥ ማስታወሻ ስትጽፉ «ቀድሞ ምን ይል ነበር?» የሚለውን የምታገኙት ከእሱ ስለሆነ ነው። ወርድ ላይ አስተያየቶቹን አንድ በአንድ Delete እያላችሁ ከሄዳችሁና ሌላ ቅጂ ከሌላችሁ፣ የትኛውን እንደመለሳችሁና የትኛውን እንደዘለላችሁ የምታውቁበት መንገድ አይኖርም።

ቀጥሎ አስተያየቶቹን ሁሉ አውጥታችሁ በአንድ ሠንጠረዥ ደርድሩ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ ተራ ቁጥር፣ የሚገኝበት ገጽና ክፍል፣ አስተያየቱ በመምህሩ ቃል፣ እና እናንተ የምታደርጉት። በራሳችሁ ቃል አታሳጥሩት። «L ከየት እስከ የት ነው የተለካው?» የሚለው ጥያቄ «ስለ ርዝመት» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ስትመለሱበት ስለ ርዝመት ምን እንደተጠየቃችሁ አታስታውሱም።

አስተያየት የሚገኘው በገጹ ኅዳግ ላይ ብቻ አይደለም። በመጨረሻው ገጽ ላይ የሰፈረው ጠቅላላ አስተያየት፣ በነጥብ አሰጣጥ ዝርዝሩ ላይ ነጥብ የተቀነሰበት ቦታ፣ ከሥሩ የተሰመረበት ቃል፣ ብቻውን የቆመ የጥያቄ ምልክት፣ መምህሩ በቃል የነገሯችሁ ነገር ሁሉ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። የፔንዱለሙ ሪፖርት በዚህ መንገድ ሲቆጠር 12 አስተያየቶች ነበሩበት።

አስተያየቶቹን በምን መለኪያ ነው በደረጃ የምከፍላቸው?

በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ ይህን ሳላርም ባስረክብ ምን ይበላሻል? ሪፖርቱ የሚሰጠው መልስ ራሱ ስህተት ሆኖ የሚቀር ከሆነ ደረጃ 1 ነው። መልሱ ትክክል ሆኖ አንባቢው ሙከራውን መድገም ወይም ሐሳቡን መከተል የሚቸግረው ከሆነ ደረጃ 2 ነው። ዓይን ከመጎርበጥ በቀር የሚያበላሸው ነገር ከሌለ ደረጃ 3 ነው። ከሦስት በላይ ደረጃ ማበጀት አያስፈልግም፤ አምስት ደረጃ ያወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው ሦስተኛና አራተኛውን በመለየት ነው።

በፔንዱለሙ ሪፖርት «ይህ መደምደሚያ ከመረጃው አይወጣም» የሚለው አስተያየት ደረጃ 1 ሆነ። ተማሪው ሙከራውን የሠራው በአንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሳለ «g በሁሉም ቦታ አንድ መሆኑ ተረጋግጧል» ብሎ ደምድሞ ነበር። «ስንት ምልልስ ነው የተቆጠረው?» የሚለው ደረጃ 2 ነው፤ ቁጥሩን አይቀይርም፣ ነገር ግን ያለ እሱ ሙከራውን መድገም አይቻልም። የሠንጠረዥ 1 ዓምዶች መለኪያ አሃድ የላቸውም የተባለውም ከመልኩ ትንሽ ይመስላል እንጂ ደረጃ 2 ነው፤ 40 የሚለው ቁጥር ሴንቲ ሜትር ይሁን ሚሊ ሜትር አንባቢው በግምት ሊያውቀው አይገባም። የፊደል ግድፈት፣ የሥዕል መግለጫ አቀማመጥና የገጽ ቁጥር ደረጃ 3 ላይ ገቡ።

ሁለት የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። አንደኛው የአስተያየቱ ርዝመት ነው። ስለ ነጠላ ሰረዝ አጠቃቀም ሦስት መስመር የጻፉ መምህር፣ ሪፖርቱን ከሥሩ የሚነቅለውን ነገር «ለምን?» በሚል አንድ ቃል ሊያልፉት ይችላሉ። ሁለተኛው ቃና ነው፤ ቆጣ ብሎ የተጻፈ ሁሉ ከባድ፣ በትሕትና የተጠየቀ ሁሉ ቀላል አይደለም። በአንድ ደረጃ ውስጥ የቱን እንደምታስቀድሙ ግራ ከገባችሁ ግን የነጥብ አሰጣጥ ዝርዝሩን ተመልከቱ፤ ብዙ ነጥብ በተያዘለት ክፍል ያለው ይቅደም።

ለምን ቀላል ቀላሉን ጨርሼ ወደ ከባዱ አልሄድም?

የምታሳምሩት አንቀጽ ጭራሹን ሊሰረዝ ስለሚችል። በዚህ ሪፖርት ገጽ 5 ላይ ስለ አየር ግጭት የተጻፈ አንድ ረጅም አንቀጽ ውስጥ ሦስት የፊደል ግድፈት ተከቦ ነበር። ከባዱ አስተያየት ሲታረም አንቀጹ በሙሉ ወጣ። ግድፈቱን አስቀድሞ ያረመ ሰው ድካሙ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። የባሰው ደግሞ ብዙ የለፋበትን አንቀጽ ለመሰረዝ እጁ ያመነታል።

ብዙ አስተያየቶች የአንድ ችግር ምልክት መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?

ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። አስተያየት በአስተያየት እየተከተላችሁ ለየብቻ ከመለሳችሁ፣ ሁሉንም መልሳችሁም ስህተቱ ሊቀር ይችላል። ደረጃ 1 ላይ ያሉትን ጎን ለጎን አድርጋችሁ «እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስረዳ ምክንያት ይኖር ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ።

በምሳሌው ሪፖርት አራት አስተያየቶች በአራት የተለያዩ ገጾች ላይ ተበትነው ነበር። ገጽ 2 ላይ «L ከየት እስከ የት ነው የተለካው?»፣ ገጽ 3 ላይ «ርዝመቱ በጨመረ ቁጥር g ለምን ይጨምራል?»፣ ገጽ 4 ላይ «መስመሩ ለምን በዜሮ አያልፍም?»፣ ገጽ 5 ላይ «የአየር ግጭት ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል?» ይላሉ። ተማሪው ርዝመቱን የለካው ክሩ ከታሰረበት አንስቶ ኳሷ እስከምትጀምርበት ድረስ ነበር። መለካት የነበረበት ግን እስከ ኳሷ መሀል ነው። የኳሷ ሬዲየስ 1.5 ሴ.ሜ ስለሆነ እያንዳንዱ ርዝመት በ1.5 ሴ.ሜ አጠረ።

አሁን ሌሎቹን ሦስቱን እዩ። ስሌቱ የተሠራው በሚከተለው ቀመር ነው፤ L የፔንዱለሙ ርዝመት፣ T ደግሞ አንድ ምልልስ የሚወስደው ጊዜ ነው፦

```
g = 4π²L / T²
```

L ካጠረ g ያንሳል። የጎደለው 1.5 ሴ.ሜ ከ41.5 ሴ.ሜ ላይ ሲነሳ 3.6 በመቶ፣ ከ101.5 ሴ.ሜ ላይ ሲነሳ ግን 1.5 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በአጭሩ ክር g 9.44፣ በረጅሙ 9.65 ወጣ፤ አማካዩም 9.56 ሆነ። ርዝመቱ በጨመረ ቁጥር g የጨመረ የመሰለው ለዚህ ነው። የT² እና የL ሥዕልም በዜሮ አላለፈም፤ ምክንያቱም ነጥቦቹ በሙሉ 1.5 ሴ.ሜ ወደ ግራ ተገፍተዋል። የአየር ግጭትማ የምልልሱን ስፋት ቀስ በቀስ ያሳንሳል እንጂ አንዱ ምልልስ የሚወስደውን ጊዜ እምብዛም አይነካም፤ ተማሪው የጠራው ምክንያት ሲያጡ የሚጠራ ምክንያት ነበር።

አራቱን ለየብቻ የሚመልስ ሰው ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ለመጀመሪያው «እስከ ኳሷ ጫፍ» ብሎ ይጽፋል፣ ለሁለተኛው «በመለካት ስህተት» ይላል፣ ለሦስተኛው መስመሩን በግድ በዜሮ ያሳልፋል፣ ለአራተኛው ስለ አየር ግጭት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምራል። 9.56 ግን እንዳለ ይቀመጣል።

አንድ ቁጥር ሲቀየር ሌላ ምን ምን አብሮ ይቀየራል?

ከምንጩ ወደ ታች ሂዱ፦ የተለካው መረጃ፣ ሠንጠረዥ፣ ሥዕል፣ ውጤት፣ ትንተና፣ መደምደሚያ፣ በመጨረሻም አብስትራክት። አብስትራክት ሪፖርቱ ላይ መጀመሪያ ቢቀመጥም የሚታረመው መጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ከታረመ አሮጌ ቁጥር ይዞ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። በምሳሌያችን አምስቱም ርዝመቶች ላይ 1.5 ሴ.ሜ ተጨመረ፣ አምስቱም የg ዋጋዎች እንደገና ተሰሉ፣ አማካዩ ከ9.56 ወደ 9.79 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ከፍ አለ። ከ9.81 ጋር የነበረው ልዩነትም ከ2.5 በመቶ ወደ 0.2 በመቶ ወረደ።

ከዚያ በ`Ctrl+F` አሮጌውን ቁጥር ፈልጉ። ነገር ግን 9.56 ብቻ ብሎ መፈለግ አይበቃም። የሆነ ቦታ 9.6 ተብሎ ተጠጋግቶ ይሆናል። 2.5 በመቶም አሮጌ ቁጥር ነው። ሥዕሉ እንደ ፎቶ የተለጠፈ ከሆነ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ፍለጋው አያገኘውም። ከሁሉም በላይ የሚያመልጠው በቃል የተጻፈው ነው፦ «ከሚጠበቀው በብዙ ያነሰ ዋጋ አግኝተናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቁጥር የለበትም፣ ስለዚህ ፍለጋ አይደርስበትም፤ አሁን ግን እውነት አይደለም። ይህንን የሚያገኘው ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ብቻ ነው።

እርማቱ ራሱ ትክክል መሆኑንም ፈትሹ። እዚህ ላይ ጥሩ መፈተሻ አለ፦ በሁሉም ርዝመቶች ላይ እኩል መጠን ሲጨመር የT² እና የL መስመር ይንሸራተታል እንጂ ስሎፑ አይቀየርም። L በሜትር ከተወሰደ ከእርማቱ በፊትም በኋላም 4.03 አካባቢ መሆን አለበት። ስሎፑ ከተቀየረ አንዱ ረድፍ ላይ ሳትጨምሩ ቀርታችኋል፣ ወይም ሴንቲ ሜትርና ሜትር ተደባልቆባችኋል።

መምህሩ «ግልጽ አይደለም» ብቻ ካሉ ምን ላርም?

ቃላቱን ከመቀያየር በፊት ምን እንደጎደለ ለዩ። ዓረፍተ ነገሩን ሙከራውን ለማያውቅ ሰው አንብቡለትና በራሱ ቃል መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። የሚሳሳትበት ወይም የሚያቆምበት ቦታ ጉድለቱ ያለበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ «ይህ» ወይም «እሱ» የሚለው ቃል ምንን እንደሚያመለክት አይታወቅም፣ በሁለት ሐሳቦች መካከል አንድ እርምጃ ተዘሏል፣ ወይም አንድ ነገር በሁለት ስም ተጠርቷል።

በፔንዱለሙ ሪፖርት ትንተና ውስጥ ግልጽ አይደለም የተባለው ዓረፍተ ነገር «ጊዜው ሲለካ በተፈጠረው ስህተት ምክንያት ይህ ተቀንሷል» የሚል ነበር። ምኑ ነው የተቀነሰው? በማን? ከእርማት በኋላ እንዲህ ሆነ፦ «የሰዓቱን ቁልፍ ለመጫን የሚፈጀው መዘግየት ወደ 0.2 ሰከንድ ነው። የ20 ምልልስ ጊዜ ተለክቶ ለ20 ስለተካፈለ፣ በአንድ ምልልስ ላይ የሚያርፈው ስህተት ወደ 0.01 ሰከንድ ይወርዳል።» ረዘመ፣ ግን ተነበበ። በነገራችን ላይ ይህ እርማት ሌላ አስተያየትም መለሰ፦ ስህተቱ 0.01 ሰከንድ ከሆነ ሠንጠረዡ ላይ 1.2936 ብሎ መጻፍ ትርጉም የለውም፤ 1.29 ይበቃል።

የለውጥ ማስታወሻ ምን ይይዛል? ምን ያህልስ ይርዘም?

ከግማሽ ገጽ እስከ አንድ ገጽ። ዓላማው መምህሩ ሪፖርቱን እንደ አዲስ ሳያነቡ ለውጡን እንዲያገኙትና እንዲመዝኑት ማድረግ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዋና ለውጥ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ምን ነበር፣ አሁን ምን ሆነ፣ በአዲሱ ሪፖርት የት ገጽ ላይ ይገኛል። ከታረመ በኋላ ገጽ ስለሚሸሽ የገጽ ቁጥሩ የአዲሱ መሆን አለበት፤ ለዚህም ማስታወሻው የሚጠናቀቀው ሪፖርቱ ካለቀ በኋላ ነው።

የተለመደው ስህተት «አስተያየትዎን ተቀብዬ አስተካክያለሁ» ብሎ 12 ጊዜ መደጋገም ነው። ይህ የሚነግራቸው ምንም ነገር የለም። ሌላው ስህተት የፊደል እርማቱንና የውጤት ለውጡን እኩል ቦታ መስጠት ነው። ደረጃ 1 በዝርዝር፣ ደረጃ 2 በአጭሩ፣ ደረጃ 3 ተጠቃሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ። ለምሳሌው ሪፖርት የተጻፈው ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦

> ለመምህር፣
>
> በተሰጠኝ አስተያየት መሠረት ያረምኩትን ሪፖርት አቅርቤያለሁ። ዋናዎቹ ለውጦች የሚከተሉት ናቸው።
>
> 1. የፔንዱለሙ ርዝመት (አስተያየት 1፣ 5፣ 6 እና 7)። ቀድሞ L የተለካው እስከ ኳሷ የላይኛው ጫፍ ነበር። አሁን የኳሷን ሬዲየስ 1.5 ሴ.ሜ በመጨመር እስከ መሀሏ አድርጌዋለሁ (ገጽ 2)። ሠንጠረዥ 1 እና ሥዕል 1 እንደገና ተሠርተዋል (ገጽ 3 እና 4)። አማካዩ g ከ9.56 ወደ 9.79 ተቀይሯል። ርዝመቱ ሲጨምር g ይጨምር የነበረውም ቀርቷል። ስለ አየር ግጭት የነበረውን አንቀጽ አውጥቼዋለሁ።
>
> 2. መደምደሚያ (አስተያየት 9)። g በሁሉም ቦታ አንድ ነው የሚለውን ሰርዤ፣ ሙከራው በተሠራበት ቦታ በተገኘው ዋጋ ብቻ ወስኜዋለሁ (ገጽ 6)።
>
> 3. የምልልስ ብዛት፣ የመለኪያ አሃዶችና የነጥብ አሃዞች (አስተያየት 2፣ 3 እና 4) በገጽ 2 እና 3 ተሟልተዋል። ግልጽ ያልነበረው ዓረፍተ ነገር (አስተያየት 8) በገጽ 5 እንደገና ተጽፏል።
>
> 4. የፊደል ግድፈት፣ የሥዕል መግለጫና የገጽ ቁጥር (አስተያየት 10፣ 11 እና 12) ታርመዋል።

ምስጋናው ቢኖር አይከፋም፣ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ለምን ስህተት እንደተፈጠረ ማስረዳትም አያስፈልግም፤ ጊዜ ማጠሩና ኮምፒውተር መበላሸቱ ለእርማቱ ምዘና የሚጨምሩት ነገር የለም።

Track Changes አብርቼ ካረምኩ ማስታወሻው ለምን ያስፈልጋል?

`Track Changes` የትኛው ቃል እንደተቀየረ ያሳያል፤ ለምን እንደተቀየረና የትኛውን አስተያየት እንደሚመልስ አያሳይም። ርዝመቱ ሲታረም በሠንጠረዡ ላይ በርካታ ቁጥሮች በቀይ ይሞላሉ። መምህሩ የሚያዩት ቀለም ነው፤ «ሬዲየስ ተጨመረ» የሚለውን አንድ ሐሳብ ከዚያ ፈልፍለው እንዲያወጡ መጠበቅ የለባቸውም።

ማስረከብ ያለባችሁ ንጹሑን ቅጂ ከነማስታወሻው ነው፤ ለውጡ የሚታይበት ቅጂ ከተጠየቀ ደግሞ እንደ ተጨማሪ። ሥራውን ስትጀምሩ ማብራት ከረሳችሁም ችግር የለም፤ ወርድ ላይ `Review` ውስጥ `Compare` የሚለው አሮጌውንና አዲሱን ፋይል አነጻጽሮ ልዩነቱን ያወጣላችኋል። የመጀመሪያው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ የተባለበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ንጹሑን ቅጂ ስታዘጋጁ `Accept All Changes` ማለታችሁን አረጋግጡ። ለውጡ እንዳይታይ ብቻ ከደበቃችሁት በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ተመልሶ ይመጣል።

ጊዜ ባይበቃኝስ?

ደረጃ 1ን ጨርሱ፣ ደረጃ 2ን የቻላችሁትን ያህል አድርጉ፣ ለማስታወሻውና ለመጨረሻ ንባብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አስቀሩ። ያልደረሳችሁበትን በማስታወሻው ላይ በግልጽ ጻፉ። በግማሽ የታረመ ነገር ካልታረመው ይከፋል፤ ሠንጠረዡ 9.79፣ መደምደሚያው 9.56 የሚል ሪፖርት ከመጀመሪያውም የባሰ ነው። ስለዚህ የጀመራችሁትን ሰንሰለት እስከ አብስትራክት ሳታደርሱ አዲስ አትጀምሩ።

ሁለት አስተያየቶች ቢጋጩ የትኛውን ልከተል?

መጀመሪያ በእርግጥ መጋጨታቸውን አረጋግጡ። የቤተ ሙከራ ረዳቱ «የአሠራር ዘዴው ይዘርዘር»፣ መምህሩ «ይህ ክፍል በጣም ረዝሟል» ቢሉ የተቃረኑ ይመስላሉ። ክፍሉን ስታዩት ግን መቆሚያውን እንዴት እንደተከሉና ክሩን እንዴት እንዳሰሩ አንድ ሙሉ አንቀጽ ወጥቶት፣ የምልልሱ ብዛትና የመነሻ አንግሉ አልተጻፉም። ትረካው ሲያጥር፣ ቁጥሮቹ ሲገቡ ሁለቱም ተመለሱ።

እውነተኛ ግጭት ከሆነ ነጥብ የሚሰጠውን ሰው ጠይቁ። ስትጠይቁም «ምን ላድርግ?» አትበሉ። ሁለቱን አስተያየቶች ጥቀሱ፣ እናንተ የመረጣችሁትንና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፣ ይስማሙ እንደሆነ ጠይቁ። እንዲህ ያለው ጥያቄ «አዎ» በሚል ቃል ሊመለስ ስለሚችል መልሱ ይፈጥናል።

በአስተያየቱ ባልስማማስ? ሳላርም ልተወው እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ በዝምታ ግን አይሆንም። በማስታወሻው ላይ ያልተነሳ አስተያየት እንደተረሳ ይቆጠራል። አስቀድማችሁ ግን ሁለት ሁኔታዎችን ለዩ። አንደኛው መምህሩ የጠየቁት ነገር ሪፖርቱ ላይ ያለ ሲሆን ነው። «የመነሻ አንግሉ ትንሽ መሆን ነበረበት» ቢሏችሁና ገጽ 2 ላይ «ከ10 ዲግሪ በታች» ተብሎ ከተጻፈ፣ «ጽፌዋለሁ» ማለት እውነት ቢሆንም አይበቃም። በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው አልፎት ከሄደ የተጻፈበት ቦታ ትክክል አይደለም። አንቀጹ መሀል ከተቀበረበት አውጥታችሁ ርዝመትና ምልልስ ከተገለጹበት ጎን አምጡት፣ ማዛወራችሁንም ጻፉ።

ሁለተኛው እውነተኛ የሐሳብ ልዩነት ነው። መምህሩ «g ከየርዝመቱ ተሰልቶ አማካዩ ብቻ ይቅረብ» ቢሉና እናንተ ከስሎፑ የተገኘውንም ማቆየት ብትፈልጉ ምክንያት አላችሁ፤ በርዝመት ልኬት ላይ ያለ ቋሚ ስህተት ስሎፑን አይነካውም። በማስታወሻው ላይ እንዲህ ይገባል፦ «አማካዩን በተጠየቀው መሠረት አቅርቤያለሁ። ከስሎፑ የተገኘውን ዋጋም ያቆየሁት የርዝመት ልኬት ስህተት ስለማይነካውና ለማነጻጸር ስለሚጠቅም ነው። መውጣት አለበት ካሉ አወጣዋለሁ።» የሚከራከረው ምክንያቱ ነው፤ ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። ደረጃ 3 ላይ ያለ ነገር ከሆነ ግን መከራከር አያዋጣም፤ አርማችሁ እለፉ።

አስተያየቱ የሚጠይቀው መረጃ ከሌለኝስ?

የኳሷን ሬዲየስ ሳትለኩ ቤተ ሙከራውን ለቃችሁ ወጥታችኋል እንበል። ቀላሉ መንገድ ተመልሶ ያንኑ ኳስ በካሊፐር መለካት ነው፤ ሙከራውን መድገም አያስፈልግም። በማስታወሻው ላይ ሬዲየሱ በኋላ እንደተለካ ግለጹ።

ኳሷ ካልተገኘች g ን ከስሎፑ አውጡት፤ ሬዲየሱ ስለማያስፈልገው። መስመሩን ወደ ታች ብታራዝሙት የL ዘንግን ከዜሮ በስተግራ 1.5 ሴ.ሜ አካባቢ ይቆርጠዋል፤ ይህም የጎደለው ርዝመት ግምት ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ይህን 1.5 ሴ.ሜ ከሥዕሉ አንብቦ በርዝመቶቹ ላይ መጨመር፣ ከዚያም «እነሆ መስመሩ በዜሮ አለፈ» ብሎ እንደ ማረጋገጫ ማቅረብ አይቻልም። በዜሮ እንዲያልፍ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። «ከሥዕሉ የተገመተ» ተብሎ ይጻፍ፤ «የተለካ» ከተባለ ሐሰት ነው። በአምስት ነጥብ ብቻ የተሰመረ መስመር የሚሰጠው ግምት ደካማ መሆኑም አብሮ ይገለጽ።

ጨርሶ የማይገኝ መረጃ ካለ፣ ለምሳሌ የምልልሱ ብዛት ከተረሳ፣ መጀመሪያ የቤተ ሙከራ ደብተራችሁን እዩ። አጠቃላይ ጊዜው 25.9 ሰከንድ፣ የአንዱ ምልልስ 1.29 ተብሎ ከተገኘ ተካፍሎ 20 ይወጣል፤ ይህ ከመዝገብ የተገኘ ስለሆነ በድፍረት መጻፍ ይቻላል። አጠቃላይ ጊዜውም ከሌለ «አልተመዘገበም» ብላችሁ ጻፉ። ነጥብ ሊያስቀንስ ይችላል። ቁጥር ፈጥሮ መሙላት ግን ከነጥብ መቀነስ አልፎ የመረጃ ማጭበርበር ይሆናል።

አስተያየት ያልተሰጠበት ቦታ ላይ ስህተት ባገኝ ላርመው?

አርሙት፣ በማስታወሻውም ላይ ለብቻው አስታውቁ። መምህር አንድን ስህተት አንድ ጊዜ አመልክተው ሌሎቹን ለተማሪው መተዋቸው የተለመደ ነው። ሠንጠረዥ 1 ላይ መለኪያ አሃድ የለም ከተባለ ሠንጠረዥ 2 ን ሳትጠየቁ ፈትሹ። ፈጽሞ ያልተነሳ ነገርም ልታገኙ ትችላላችሁ፤ በምሳሌው ሪፖርት አብስትራክቱ «ስድስት ርዝመቶች» ሲል ሠንጠረዡ ላይ ያሉት አምስት ናቸው።

ማስታወቁ የሚያስፈልገው፣ ትክክል ነው ተብሎ የታለፈ ቦታ ባልተገለጸ ምክንያት ተቀይሮ ሲገኝ ጥርጣሬ ስለሚያመጣ ነው። «በአስተያየት ያልተነሳ፦ በአብስትራክት የርዝመቶቹ ብዛት ከስድስት ወደ አምስት ታርሟል (ገጽ 1)» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ያገኛችሁት ስህተት ውጤቱን የሚቀይር ከሆነ ግን ከማስረከባችሁ በፊት ለመምህሩ ንገሩ፤ ያኔ የሚገመገመው ሪፖርት ቀድሞ ከታየው የተለየ ስለሚሆን እንደገና ከሥሩ ማንበብ ይኖርባቸዋል።